ዘግይቶ በልቶ መተኛትና የሌሊት ቃር፦ ከጅማ አንድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሳሳኝ

ቃር ይዟቸው ወደ ክሊኒካችን የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚነግሩኝ ምን እንደበሉ ነው። በርበሬው ይወቀሳል፣ ቡናው ይወቀሳል፣ አንዳንዴ ሽሮው ሳይቀር ይወቀሳል። ስንት ሰዓት እንደበሉና ከበሉ በኋላ ምን ያህል ቆይተው እንደተኙ ግን ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ይህ ጉዳይ መልሱ ሰዓቱ ላይ የነበረ ጉዳይ ነው። ሰውየው ለሁለት ዓመት ያህል የተለያየ መድኃኒት ወስዷል። ሲወስድ ከነበረው መድኃኒት አንዱ ትክክለኛው ነበር፤ የሚወስድበት ሰዓት ነው ያልሠራለት።

የምጽፈው በእሱ ፈቃድ ነው። ማንነቱን የሚያሳዩ ነገሮችን አውጥቻለሁ።

ሰውየውና ሥራው

ዕድሜው ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። ቤቱ ጅማ ከተማ ውስጥ ሲሆን ሥራው ከገበሬው እሸት ቡና እየገዛ መሰብሰብ ነው። አያጨስም፣ ጫት አይቅምም፣ አልኮል አይጠጣም። ባለፉት ዓመታት ሆዱ አካባቢ ውፍረት ጨምሯል።

የሥራው ጠባይ ለዚህ ታሪክ ወሳኝ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ገበሬው ቀይ እሸት ቡና ቀኑን ሙሉ ለቅሞ ወደ ማታ ያስረክባል። እሸት ቡና ውሎ አያድርም፤ በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት። ስለዚህ መመዘን፣ መክፈል፣ መኪና ላይ መጫን ሁሉም ከመሸ በኋላ ነው የሚሆነው። ሰውየው በዚህ ወቅት ቤቱ የሚገባው ማታ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑን የሚያሳልፈው በሻይና በዳቦ ነው። ቤት ሲደርስ የቀኑ ዋና ምግብ ይቀርብለታል። በንጥር ቅቤ የተሠራ ጥብስ ወይም ወጥ፣ ሁለት አንዳንዴም ሦስት እንጀራ፣ ከዚያ ሻይ። 5 ሰዓት ሳይሞላ አልጋ ላይ ነው።

ይዞት የመጣው ችግር

የመጣው በኅዳር ወር ከባለቤቱ ጋር ነው። «ዶክተር፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ደረቴን እሳት ይለኩስብኛል» አለኝ። ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከደረቱ አጥንት ጀርባ ተነስቶ ወደ ጉሮሮው የሚወጣ ማቃጠል ነው። ኮምጣጣ ውሃ አፉ ድረስ ይመጣል። አንዳንድ ሌሊት በሳል ታፍኖ ይነሳል። ተነስቶ ሲቀመጥ ቀለል ይለዋል፤ ተመልሶ ሲተኛ ይመለስበታል። ባለቤቱ ግማሹን ሌሊት ግድግዳ ተደግፎ እንደሚያሳልፈው ነገረችኝ።

አንድ ነገር ሲናገር ግን ጆሮዬን አቆምኩ። «ክረምት ላይ ደህና ነኝ፤ ቡና ሲደርስ ነው የሚነሳብኝ» አለ። እሱ የጠረጠረው የቡናውን አቧራ ነበር። በክረምት ግን ማታ 1 ሰዓት ላይ እራቱን ይበላ ነበር።

በመጀመሪያ ልብን ማጣራት

በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ደረቱን ሲያመው «ቃር ነው» ብሎ መጀመር አይቻልም። የልብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዳገት ሲወጡ ወይም ሸክም ሲያነሱ ነው። ደረትን ጨምድዶ ይይዛል፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ይሄዳል፣ ላብ ያስመጣል፣ ሲያርፉ ይተዋል። ቃር ደግሞ ሲጎነበሱና ሲተኙ ይብሳል፣ ኮምጣጣ ጣዕም አለው፣ ቀና ሲሉ ይቀላል። ግን ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ጊዜ አለ። የእሱ ምልክቶች በሙሉ ወደ ቃር ያዘነብሉ ነበር። ቀን ላይ ኩንታል ሲያነሳ ምንም አይሰማውም። ቢሆንም ልብን የሚመረምረው ኢሲጂ ተነሳ፣ የደም ግፊቱና ስኳሩ ታዩ፤ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም።

ከዚያ ሌሎቹን የአደጋ ምልክቶች ጠየቅኩት። ምግብ ሲውጥ ይይዘዋል? ክብደቱ ሳያስበው ቀንሷል? ደም አስታውኳል? ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል? ደም ማነስ አለበት? ሁሉም የሉም። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ኖሮ አኗኗር ማስተካከሉን ለሌላ ጊዜ ትቼ የምግብ ቧንቧንና ጨጓራን ውስጡን በካሜራ ለሚያየው ምርመራ፣ ለኢንዶስኮፒ፣ በቀጥታ እልከው ነበር። በተለይ የመዋጥ ችግርን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይ በሽታ ስለሆነ፣ «ምግብ ይዞኛል» የሚል ሰው የቃር መድኃኒት ብቻ ተሰጥቶት መመለስ የለበትም።

ቀደም ሲል የተሞከረው

ሰውየው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የ«ጨጓራ ባክቴሪያ» ሕክምና ወስዷል። ሁለቱንም ጊዜ የታዘዘለት በደም ምርመራ ነው። ይህን ምርመራ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። የደም ምርመራው የሚያሳየው ሰውነት ባክቴሪያውን የተዋጋበትን ምልክት ነው። ያ ምልክት ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መዳንን አያሳይም። የሰገራ ምርመራው ለዚህ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን አንቲባዮቲክ ከተጨረሰ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ አሲድ የሚቀንሰው መድኃኒት ኦሜፕራዞል ከቆመ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው የሚታመነው። እኛ በዚህ መልኩ ስናስደግመው ባክቴሪያ አልተገኘም።

ከዚህ በላይ የሚከብደው ነገር ግን ሌላ ነው። ባክቴሪያው የጨጓራ ቁስል ያመጣል እንጂ አሲድ ወደ ላይ እንዲመለስ የሚያደርገው እሱ አይደለም። በአገራችን ሁለቱም «ጨጓራ» በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ ሕክምናቸውም ይደበላለቃል። የዚህ ሰው ችግር ያለው ጨጓራውና የምግብ ቧንቧው የሚገናኙበት በር ላይ ነበር።

ሦስተኛው የተሞከረው ኦሜፕራዞል ነው። 20 ሚሊግራም እንክብሉን ይወስድ የነበረው ሌሊት ሲነድበት ነው። «አይሠራልኝም» ያለው ለዚህ ነበር፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ። አራተኛው ወተት ነው። ከመተኛቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ይጠጣል። ወተት ለጊዜው ያቀዘቅዛል። ቆይቶ ግን ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋሉ፤ ስቡ ደግሞ የጨጓራን መጽዳት ያዘገያል። ሞልቶ በተኛ ሆድ ላይ ሌላ ጭነት መጨመር ነው።

ሲተኙ ለምን ይብሳል?

ለሰውየውና ለባለቤቱ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣልኩ ያስረዳኋቸውን እዚህ በዝርዝር አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በምግብ ቧንቧ መጨረሻ ላይ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር የሚረዝም እንደ ቀለበት ያለ ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ድያፍራም የሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻም ከውጭ አቅፎ ያግዘዋል። ይህ በር ሳንውጥም የሚከፈትበት ሰዓት አለ። ጨጓራ ሲሞላ የላይኛው ክፍሉ ይለጠጣል። መለጠጡ ለአንጎል ምልክት ይልካል፣ በሩም ለተወሰኑ ሰከንዶች ይላላል። ዓላማው አየር ማስወጣት ነው፤ ግሳት የምንለው ይኸው ነው። ምግቡ በበዛ ቁጥር መለጠጡ ይጨምራል፣ በሩም ደጋግሞ ይላላል። ሆድ ላይ ያለ ውፍረት ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይገፋል።

ቆመን ወይም ተቀምጠን ከሆነ አየሩ ከላይ፣ ፈሳሹ ከታች ስለሆነ በሩ ሲላላ በአብዛኛው የሚወጣው አየር ነው። ስንተኛ ፈሳሹ በሩ አፍ ድረስ ይደርሳል። ክዳኑ የላላ ጀሪካን ቆሞ አይፈስም፤ ሲጋደም ነው የሚፈሰው።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከምግብ በኋላ የሚመነጨው አሲድ ሁሉ ከምግቡ ጋር ወዲያው አይደባለቅም። ከፊሉ ከምግቡ በላይ፣ ልክ በሩ አጠገብ ይጠራቀማል። ምግቡ ስላላበረደው ኃይለኛ ነው። ይህ ክምችት ከተበላ ሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ ይጀምርና እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው በዚህ ላይ ነው የሚተኛው።

ብዙ ሰው የማያውቀውና እኔ ከሁሉም በላይ ልብ እንዲባል የምፈልገው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አሲድ ወደ ላይ መመለስ በቀንም ይደርሳል። እንዲያውም በቁጥር ቢታይ ከምግብ በኋላ ነቅተን ሳለን የሚመለስበት ጊዜ ይበዛል። በእንቅልፍ ላይ የሚመለስበት ጊዜ ያነሰ ነው፤ ሲመለስ ግን ይቆያል። ጉዳቱም ማቃጠሉም የሚመጣው ከመቆየቱ ነው።

የሚቆየውም ማጠቢያው ስለሚቆም ነው። ቀን ላይ አሲዱ ከወጣ የመሬት ስበት ወደ ታች ይስበዋል። ምራቅ ስንውጥ የምግብ ቧንቧው ተኮማትሮ የቀረውን ወደ ጨጓራ ይመልሳል። ምራቁ ራሱ ደግሞ አሲድ የሚያበርድ ባይካርቦኔት ስላለው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጭምር ያጠፋል። ይህን ሁሉ ሳናስበው ነው የምናደርገው። እንቅልፍ ሲወስደን ምራቅ መመንጨቱ ከሞላ ጎደል ይቆማል። መዋጥም በጣም አልፎ አልፎ ይሆናል። በጀርባ ስለተኛን የመሬት ስበቱም አያግዝም። ቀን በአጭር ጊዜ የሚጸዳው አሲድ ሌሊት ብዙ ደቂቃ እዚያው ይቆያል።

አሁን የሰውየውን ሰዓት እንቁጠር። 4 ሰዓት ላይ ብዙና ቅባታም ምግብ ይበላል። እንዲህ ያለ ምግብ ከጨጓራ ለመውጣት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ቅባት ያዘገየዋል። 5 ሰዓት ላይ ይተኛል። እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ጨጓራው አልጸዳም። የጨጓራ አሲድ በተፈጥሮው ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት አካባቢ ከፍ ይላል። 7 ሰዓት ላይ የሚነሳበት ቃር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሒሳቡ እዚያው ያደርሰዋል።

ደብተሩ ምን አሳየ

ምንም ሳይቀየር ለሁለት ሳምንት እንዲመዘግብ ጠየቅኩት። እራት የበላበት ሰዓት፣ የተኛበት ሰዓት፣ ቃር ያስነሳው እንደሆነ፤ ሌላ ምንም የለም። የቡና ሒሳብ የለመደ ሰው ስለሆነ በጥንቃቄ ያዘው።

ከ14 ሌሊት በ11ዱ ተነስቷል። ጠቃሚዎቹ ግን የቀሩት ሦስቱ ናቸው። አንዱ ዝናብ ስለነበረ ቡና ያልመጣበትና በጊዜ የበላበት ነው። ሁለተኛው ለቅሶ ቤት ሄዶ 12 ሰዓት ላይ እዚያው የበላበት ነው፤ የበላው ደግሞ ቀይ ወጥ ነበር፤ በርበሬው ምንም አላደረገውም። ሦስተኛው በጣም ደክሞት ሳይበላ የተኛበት ሌሊት ነው። ቀን የሚጠጣው ቡና በ14ቱም ቀን አንድ ዓይነት ነበር። እኔ ከምነግረው በላይ ያሳመነው ይህ ገጽ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*እራቱን ቀደም ማድረግ።* የጀመርነው በዚህ ነው፤ ከባዱም ይህ ነበር። ደንቡ በመጨረሻው ምግብና በመተኛት መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት መኖር ነው፤ ምግቡ ብዙና ቅባታም ከሆነ አራትም አይበዛም። ሥራውን ማሳጠር አይችልም። ስለዚህ ምግቡ ወደ እሱ መሄድ ነበረበት። ባለቤቱ ዋናውን ምግብ በምሳ ዕቃ መላክ ጀመረች፤ ከምዘናው በፊት 11 ሰዓት ገደማ ይበላዋል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ካስፈለገው ትንሽ ነገር ይጨምራል። ቤት ሲገባ ውሃ ወይም ቀለል ያለ ሻይ ብቻ።

በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ባለቤቱ ግን መጀመሪያ አልተቀበለችውም። «ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የዋለ ሰው ባዶ ሆዱን ይተኛ ወይ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እራት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ አባታቸውን የሚያገኙት በዚያች ሰዓት ነው። የተስማማነው እሱ ገበታው ላይ እንዲቀመጥ፣ ከእነሱ ጋር አንድ ሁለት ጉርሻ እንዲቀምስ፣ ሌላው ግን ቀን እንዲበላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ራበኝ ይል ነበር። የ11 ሰዓቱ ምግብ በቂ ሲሆን ራቡ ቀረ።

*አልጋውን ከራስጌ ማንሳት።* ሰውየው ሁለት ትራስ ደርቦ ይተኛ ነበር። ትራስ አንገትና ደረትን ብቻ ያነሳል። ወገብ ላይ ያጥፋል፣ ሆድን ይጨምቃል፤ ከታች የሚገፋው ግፊት ይጨምራል። የሚፈለገው ከወገብ ጀምሮ መላው አካል እንዲያዘቀዝቅ ነው። ለዚህ የአልጋው ሁለት የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለባቸው።

በርጩማ ሲቀርጽ የኖረ አናጢ በማይታጣባት ጅማ ይህ አይቸግርም። ከጠንካራ እንጨት ሁለት ጉማጅ አሠራ። አናጢው ራሱ አስቦ በእያንዳንዱ ላይ የአልጋው እግር የሚገባበት ጎድጎድ ያለ ቦታ ቀረጸበት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ሲደረግ አልጋው ሌሊት ሊንሸራተት ይችላል። መጀመሪያ 20 ሴንቲሜትር ነበር። ባልና ሚስቱ ወደ ግርጌ እየተንሸራተቱ ተቸገሩ። ወደ 15 ዝቅ ሲልና የሚያዳልጠው አንሶላ በጥጥ ሲቀየር ተስተካከለ።

*የሚተኛበት ጎን።* የምግብ ቧንቧ ጨጓራን የሚያገኘው ከላይ ከቀኝ በኩል ነው፤ የጨጓራው ሰፊ ክፍል በግራ ነው። በግራ ጎን ሲተኙ ፈሳሹ በሰፊው ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል፣ በሩ ከፈሳሹ በላይ ይሆናል። በቀኝ ጎን ሲተኙ በሩ ፈሳሹ ውስጥ ይገባል። በግራ ጎን ሲተኙ ወደ ላይ የወጣው አሲድም ቶሎ ይጸዳል።

ሰውየው ሙስሊም ነው። በቀኝ ጎን መተኛትን የለመደው ከሃይማኖቱ ነው፤ ይህንንም ሳይሸሽግ ነገረኝ። «በግራህ ተኛ» ብሎ መሸኘት አይቻልም፤ አያደርገውምና። መላውን ራሱ አመጣው። በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ዱዓውን ያደርጋል፣ ከዚያ ይዞራል። ሌሊት ሳያውቀው ሊገለበጥ ይችላል። እራቱ በጊዜ ከተበላና አልጋው ከተነሳ ግን ጎኑ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ለዚህም ነው በእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ሦስተኛ ያደረግነው።

*የመድኃኒቱ ሰዓት።* ኦሜፕራዞል የተነሳ ቃር አያጠፋም። አሲድ የሚያመነጩትን የጨጓራ ፓምፖች ነው የሚዘጋው፤ የሚዘጋቸውም በሥራ ላይ ሲሆኑ ነው። ፓምፖቹን የሚያስነሳው ምግብ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከምግብ 30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ተወስዶ፣ ምግቡ ሲመጣ ደም ውስጥ መገኘት አለበት። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሲቃጠሉ መዋጥ አብዛኛውን ጥቅሙን ማባከን ነው። ሙሉ ኃይሉም የሚታየው በቀናት ውስጥ እንጂ በአንድ ጊዜ አይደለም። ያንኑ 20 ሚሊግራም ከ11 ሰዓቱ ምግብ በፊት፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲወስድ ተደረገ፤ ለስምንት ሳምንት። ድንገት ለሚነሳ ቃር ማግኒዚየምና አልሙኒየም ያለበት የሚጠጣ አንታሲድ ተሰጠው። ያ በደቂቃዎች ውስጥ ያበርዳል፤ ግን ቶሎ ያልቃል።

የሠራውና ያልሠራው

በአንደኛው ሳምንት መጨረሻ ኮምጣጣው ውሃ አፉ ድረስ መምጣቱ ቆመ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት የሚነሳው አልፎ አልፎ ሆነ። ሳሉ ግን ዘግይቶ ነው የሄደው፣ ከወር በላይ ፈጀ። ይህ የተለመደ ነው፤ በአሲድ የተቆጣ ጉሮሮ ቶሎ አይረጋም።

ከተሞከሩት መካከል ዋጋ ያልነበራቸውም አሉ። እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ቡናን ጨርሶ ትቶ ነበር። ያተረፈው ራስ ምታት ነው፤ ቃሩ እንዳለ ነበር። ቡና አንዳንዱን ሰው ያቃጥለዋል፣ ሁሉንም አይደለም። የደብተሩን ገጽ አይተን ጠዋትና ቀን የሚጠጣውን አልነካንበትም። በርበሬም እንደዚሁ። በቁጣ «ሁሉንም ተው» ማለት ሰውን ያሰለቸዋል፤ የሚጠቅመውንም አብሮ ያስጥለዋል። ወተቱን ግን እንዲያቆም አድርገናል።

ክብደት ሌላው ያልተሳካ ነገር ነው። መቀነሱ እንደሚረዳው ተነጋግረናል። በቡና ወቅት ግን ለዚህ ጊዜ አላገኘም፤ ሆዱ እንዳለ ነው።

አንድ ሌሊት ሰርግ ነበር። 4 ሰዓት ላይ ብዙ ሥጋ በላ። እንደሚመለስበት ስላወቀ ቤቱ ገብቶ ለረጅም ሰዓት ሶፋ ላይ ቀና ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ተኛ። ተነሳበት፣ ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም።

ረመዳን ሲገባ

ስምንት ሳምንቱ በጥር አልቆ መድኃኒቱ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ረመዳን ገባ። ሰውየው ቃሩ ተመልሶበት መጣ፤ ሰዓቱ ግን ተቀይሯል። አሁን የሚያቃጥለው ጠዋት ነው።

የሆነው ግልጽ ነበር። ንጋት ላይ ለሱሑር በደንብ ይበላል፣ የሱብሒ ሶላት ይሰግዳል፣ ወዲያው ይተኛል። በልቶ መተኛቱ ከማታ ወደ ንጋት ዞሯል እንጂ ያው ነው። ሁለተኛ ደግሞ በኢፍጣር ሰዓት ሳምቡሳና ሾርባ በብዛት ከበላ በኋላ በሱጁድ ሲደፋ ኮምጣጣ ውሃ ወደ ጉሮሮው ይመጣ ነበር። ሞልቶ መጎንበስ ልክ እንደ መተኛት በሩን ከፈሳሹ በታች ያደርገዋል።

የወሰድናቸው ለውጦች ቀላል ነበሩ። ጾሙን በተምርና በውሃ፣ ቢበዛ በጥቂት ሾርባ ይፈታል፤ የመግሪብ ሶላቱን ይሰግዳል፤ ከዚያ ይመገባል፤ ግን እስኪጠግብ አይደለም። ከዒሻና ከተራዊሕ በኋላ ትንሽ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ግን እስኪተኛ ድረስ ምንም አይበላም። ሱሑሩ አነስ ያለና ቅባት የሌለው ሆነ። እንቅልፉን ከንጋት ወደ ቀትር አዛወረው። ይህን ማድረግ ባልቻለበት ቀን ከፍ ባለው አልጋ ላይ በግራ ጎኑ ያርፋል። ኦሜፕራዞሉን ለዚያ ወር መልሰን ጀመርነው። ለሱሑር እንደተነሳ ይውጠዋል፣ ውዱእ አድርጎ የሌሊት ሶላቱን ይሰግዳል፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ይበላል። ከጾሙ ጋርም አልተጋጨም፣ ከመድኃኒቱም ሕግ ጋር ገጠመ።

ለሌሎች የሚሆነው

ለሐኪሞችና ለነርሶች የምለው መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቁ ነው። ስንት ሰዓት ይበላል? ስንት ሰዓት ይተኛል? ቃሩ ከተበላ በስንተኛው ሰዓት ይነሳል? በሥራ ወቅት፣ በጾምና በእረፍት ቀን ይለያያል? ከዚህ በኋላ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ከሆነ መቼ እንደሚወስድ ጠይቁ። «አይሠራልኝም» የሚል ሰው ሲመጣ መድኃኒቱን ከመቀየራቸው ወይም መጠኑን ከማሳደጋቸው በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ያልጠየቁ ብዙ ናቸው።

ማታ ለሚሠራ ሰው፣ ለጥበቃ፣ ለሾፌር፣ ለምግብ ቤት ሠራተኛ «በጊዜ ብላ» የሚለው ምክር ብቻውን አይጠቅመውም። ትልቁን ምግብ ከሥራው በፊት ወይም መሃል ላይ የሚያስገባበትን ሰዓት አብሮ መፈለግ ያስፈልጋል። ያ ሰዓት ከተገኘ ምግቡን መቀየር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

እርምጃዎቹ እየሠሩ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ሳምንት በቂ ነው። መጀመሪያ የሚቀንሰው ኮምጣጣው ፈሳሽ ነው፣ ከዚያ የሌሊት መነሳቱ፣ በመጨረሻ ሳሉና የጉሮሮው መከርከር። ሳሉ አልሄደም ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም መተው ስህተት ነው።

እራቱ ቀደም ብሎ ተበልቶ፣ አልጋው ከፍ ብሎ፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ ለስምንት ሳምንት ተወስዶ አሁንም ሌሊት የሚያስነሳ ቃር ካለ ነገሩ ከእራት ሰዓት አልፏል። የጨጓራው የላይኛው ክፍል በድያፍራሙ ቀዳዳ ወደ ደረት ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የምግብ ቧንቧው ቆስሎ ወይም የውስጥ ሽፋኑ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሕመሙ ጨርሶ ቃር ላይሆን ይችላል። ያኔ ኢንዶስኮፒ ያስፈልጋል። የዚህ ሰው ጉዳይ እዚያ አልደረሰም። በሚቀጥለው የቡና ወቅት ከጥቅምት በፊት መጥቶ እንዲታይ ተነጋግረናል፤ የምሳ ዕቃውም ከዚያው ቀን ጀምሮ መላክ ይጀምራል።